ከቦርድ አባልነት የመልቀቂያ ደብዳቤ

በአንድ ኩባንያ የዲሬክተሮች ቦርድ ውስጥ የዕለት ሥራውን የማይመሩ፣ ነገር ግን ሥራ መሪዎቹን የሚቆጣጠሩና የሚመክሩ አባላት አሉ። እነዚህ ሥራ አስፈጻሚ ያልሆኑ ዲሬክተሮች ይባላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሲለቅ ባለአክሲዮኖች ምክንያቱን ለማወቅ ይፈልጋሉ፤ እርሱ ግን በስብሰባ የሰማውን ሁሉ የመናገር መብት የለውም። የደብዳቤው ችግር እዚህ ላይ ነው።

አንድ እውነተኛ ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ የአሜሪካው የሂውሌት ፓካርድ ቦርድ በምሥጢር የተወያየበት ጉዳይ በዜና ወጣ። የቦርዱ ሰብሳቢ ፓትሪሺያ ደን ምሥጢሩን ማን እንዳወጣው አስመረመሩ። እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2006 የምርመራው ውጤት ለቦርዱ ቀርቦ፣ ምሥጢር አውጥቷል የተባለው አባል እንዲለቅ ተጠየቀ። በዚህ ጊዜ ሌላው አባል ቶም ፐርኪንስ የምርመራውን አያያዝና ውሳኔውን ተቃውመው፣ መልቀቃቸውን በቃል አስታውቀው ወጡ።

ኩባንያው ከአራት ቀን በኋላ መልቀቃቸውን ለመንግሥት ሲያስታውቅ ምክንያቱን አልገለጸም፤ ጠቡን ከሰብሳቢዋ ጋር እንጂ ከኩባንያው አሠራር ጋር አላደረገውም። እውነቱ ለሕዝብ የተገለጠው በሴፕቴምበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ምክንያቱ ያን ጊዜውኑ መገለጽ ነበረበት ሲል ወሰነ። በአገሪቱ ደንብ መሠረት፣ በእንዲህ ያለ የሐሳብ ልዩነት የለቀቀ ዲሬክተር ስለ አለቃቀቁ ደብዳቤ ከጻፈ፣ ኩባንያው ያንኑ ደብዳቤ ከማስታወቂያው ጋር አያይዞ ማቅረብ አለበት። በቃል የተነገረ ነገር ግን የሚያያዝ ወረቀት የለውም።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ያለ ዲሬክተር የሚከተለውን ሊጽፍ ይችላል፦

«ለቦርዱ ሰብሳቢ፤
ከዛሬ ጀምሮ ከቦርድ አባልነት መልቀቄን አስታውቃለሁ። የለቀቅሁት በአባላት ላይ የተደረገው ምርመራ የተመራበትን መንገድ ስለምቃወም ነው። ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። በእጄ ያሉትን የቦርድ ሰነዶች እመልሳለሁ።»

«መልቀቄን» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የተፈጸመ ድርጊት ያመለክታል፤ ቀኑም ተወስኗል። «ልለቅ አስቤአለሁ» ቢል ኖሮ ግን ለቅቋል ወይስ አልለቀቀም የሚል ክርክር ያስነሣ ነበር። ምክንያቱም የልዩነቱን ጉዳይ ይናገራል እንጂ በስብሰባው ማን ምን እንዳለ አይዘረዝርም። ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አባልነቱ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም፤ ሕግ ተጥሶ ከሆነ ግን ቦታው ጋዜጣ ሳይሆን ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ነው። «በግል ምክንያት» የሚለው ሐረግ የሚጻፍ እውነት ሲሆን ብቻ ነው፤ ጠብን ለመሸፈን ከተጻፈ ጸሐፊው በኋላ እውነቱን ሲናገር የገዛ ደብዳቤው ይመሰክርበታል።

ጊዜንም በሚመለከት፣ የለቀቀ ሰው ድምፅ የለውምና በቅድሚያ ተቃውሞውን በስብሰባ ያሰማል፤ የማይታረም መሆኑን ሲያይ ይለቃል።

መልመጃ፦ አንዲት ዲሬክተር የኩባንያው ሒሳብ የቀረበበትን አኳኋን ተቃውማ ልትለቅ ነው። የማንንም ንግግር ሳትጠቅሱ ደብዳቤዋን ከአምስት በማይበልጡ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉላት።