ድመት በጨለማ ምን ታያለች? ምንስ አይታያትም?



ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር በቆሎው ተፈልፍሎ ጎታ ከገባ በኋላ ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። እርሱም አይጥ ነው። ገበሬው ቀን ሲሠራ ውሎ ሌሊት ይተኛል። አይጥ ግን ሥራውን የሚጀምረው ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ነቅታ እህሉን የምትጠብቀው ድመት ናት።

ይሁን እንጂ ድመቷ አንዳንድ ሌሊት አይጡን ቀጨም ታደርገዋለች፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ አይጡ አጠገቧ ተቀምጦ ሳታየው ትቀራለች። «ይቺ ሰነፍ!» ብለን እናባርራታለን። ነገሩ ግን ስንፍና ላይሆን ይችላል። የድመት ዓይን በደንብ የሚያየው ነገር አለ፤ የማያየውም ነገር አለ። ይህን ለይተን ካወቅን የእህል ማስቀመጫችንን ለአደኗ እንዲመች አድርገን ማሰናዳት እንችላለን።

1. የድመት ዓይን ብርሃንን እንዴት ይሰበስባል?

በቀትር ፀሐይ የድመታችሁን ዓይን ተመልከቱ። በመካከል ያለው ጥቁር ክፍል ብሌን ይባላል። ብሌን የብርሃን በር ማለት ነው። በቀትር ይህ በር ጠቦ እንደ ቀጭን ስንጥቅ ይቆማል። ማታ ከብት ሲገባ ደግሞ እንደገና ተመልከቱት። ያ ስንጥቅ ክብ ሆኖ ሰፍቶ ዓይኗን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የሰው ብሌንም ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ነገር ግን የድመትን ያህል አይደለም።

በዚህ በር የገባው ብርሃን ከዓይኗ የኋላ ግድግዳ ላይ ያርፋል። እዚያ ብርሃንን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። ሕዋስ ማለት በጣም ከማነሱ የተነሣ በዓይን የማይታይ የአካል ክፍል ነው። አንደኛው ዓይነት በደብዛዛ ብርሃን ይሠራል፤ ቀለም ግን አይለይም። ሁለተኛው ዓይነት ቀለም ይለያል፤ ሆኖም ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። በድመት ዓይን ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት እጅግ ብዙ ናቸው።

ከእነዚህ ሕዋሳት ጀርባ ደግሞ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለ። ሕዋሳቱ ሳይቀበሉት ያለፈውን ብርሃን ይህ ሽፋን ወደኋላ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሕዋሳቱ ያንኑ ብርሃን ለሁለተኛ ጊዜ ያገኙታል። ሌሊት ባትሪ ስታበሩ የድመት ዓይን እንደ ፍም የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። የላም፣ የበግና የጅብ ዓይንም እንደዚሁ ያበራል። የሰው ዓይን ይህ መስተዋት የለውም።

በእነዚህ ሦስት ነገሮች ምክንያት ድመት ለሰው ከሚያስፈልገው ብርሃን አንድ ስድስተኛው ያህል ይበቃታል። እናንተ አንድን ነገር ለማየት 6 ኩራዝ ካስፈለጋችሁ ለእርሷ 1 ኩራዝ ይበቃታል ማለት ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ! የድመት ዓይን ከራሱ ብርሃን አያወጣም። የተቀበለውን ብቻ ይመልሳል። ምንም ብርሃን በሌለበት ድፍን ጨለማ ድመትም እንደ እኛው አታይም።

2. የትኛው ቀለም ይታያታል?

የቡሬ በርበሬ ተለቅሞ ሲሰጣ ቀይነቱ ከሩቅ ይጣራል። የሚጣራው ግን እኛን እንጂ ድመቷን አይደለም። ድመት ሰማያዊንና ቢጫን ትለያለች። ቀይ ግን ለእርሷ የደበዘዘና የጠቆረ ነገር ነው። ቀዩን በርበሬና አረንጓዴውን ቃሪያ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ በቀለማቸው ለመለየት ትቸገራለች።

«ታዲያ ቀይ ክር ሲያሳዩዋት ለምን ትዘላለች?» ትሉ ይሆናል። የምትዘለው ክሩ ስለተንቀሳቀሰ ነው። ያንኑ ክር መሬት ላይ ጥላችሁ ብትተዉት ትታው ትሄዳለች።

3. ዓይኗን የሚስበው እንቅስቃሴ ነው

አሁን በጎታው አጠገብ የሚሆነውን እንከተል። አይጥ ሜዳውን ይፈራል። የግድግዳውን ሥር ይዞ ከጆንያ ጀርባ ወደ ጆንያ ጀርባ ይሮጣል። ጨረቃ በበሩ ስንጥቅ ጥቂት ካበራች አይጡ እንደተንቀሳቀሰ ድመቷ ወዲያው ታየዋለች። ፈጣንና ድንገተኛ እንቅስቃሴ ከዓይኗ አያመልጥም።

አይጡም ብልህ ነው። ድመቷ መኖሯን ሲያውቅ ባለበት ድርቅ ይላል። ያን ጊዜ የድመቷ ዓይን ይቸገራል። የድመት ዓይን ነገርን አጥርቶ በማየት ከሰው ያንሳልና። ሰው በ30 ሜትር ርቀት ላይ አጥርቶ የሚያየውን ድመት አጥርታ ለማየት እስከ 6 ሜትር ድረስ መቅረብ ይኖርባታል። ደግሞም ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት ያለ ነገር ይደበዝዝባታል። እዚያ ላይ የሚያገለግሏት ጆሮዋ፣ አፍንጫዋና ጢሟ ናቸው። ስለዚህ ድመት ጎታ ሥር ለብዙ ጊዜ ፀጥ ብላ ብትቀመጥ አልተኛችም። አይጡ እስኪንቀሳቀስ እየጠበቀች ነው።

4. እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጆንያውን ከግድግዳው ጋር አታጣብቁት። ድመት የምታልፍበትን ያህል ክፍት ቦታ ተዉ። ያን ጊዜ አይጡ ሜዳውን ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ሲያቋርጥም ይታያል።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ድፍን ጨለማ ከሆነ የጨረቃና የኮከብ ብርሃን የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ ከላይ በኩል ይኑር። ዝናብ እንዳያስገባና እህሉን እንዳያረጥብ ግን ተጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ ድመቷ አድፍጣ ሳለ ባትሪ አታብሩባት። ድንገተኛ ብርሃን ሲያርፍበት ብሌኗ ይጠባል። ባትሪው ሲጠፋ ዓይኗ ጨለማውን እንደገና እስኪለምድ ጊዜ ይፈጃል። አይጡ ያን ጊዜ ያመልጣል።

አራተኛ፣ የአይጥ መርዝና ድመት አንድ ላይ አይሆኑም። መርዝ የበላ አይጥ እየተንገዳገደ ገላጣ ቦታ ላይ ይወጣል። ለድመቷ ዓይን ከዚህ የቀለለ ግዳይ የለም። ያንን አይጥ በልታ እርሷም ልትሞት ትችላለች። መርዝ ካስቀመጣችሁ ድመቷን ከዚያ አርቁ። የሞተውንም አይጥ ፈልጋችሁ በጥልቅ ቅበሩት።

አምስተኛ፣ «እንዳትጠግብ» ተብላ እንጀራ ብቻ የሚጣልላት ድመት ዓይኗን ልታጣ ትችላለች። ለድመት ዓይን ጤና የሚያስፈልግ፣ በሥጋ ውስጥ እንጂ በእህል ውስጥ የማይገኝ ነገር አለ። ያ ለብዙ ወራት ከጎደለባት በዓይኗ ግድግዳ ላይ ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ። የሞቱት ተመልሰው አይድኑም። ምልክቱ ይህ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ብሌኗ ሳይጠብ ሰፍቶ ይቀራል፣ ስትሄድም ከዕቃ ጋር ትጋጫለች። አይጥ የምትይዝ ድመት ይህን ነገር ከአይጡ ሥጋ ታገኛለች። የማታገኝ ከሆነ ግን ከታረደው ሥጋ ቁራጭ ጣሉላት።

መልመጃ

ሀ. የድመታችሁን ብሌን በቀትርና በማታ ተመልክታችሁ ሁለቱንም በደብተራችሁ ላይ ሣሉ።
ለ. አንድ ቀይ ክርና አንድ ሰማያዊ ክር በየተራ በፊቷ ጎትቱ። ከዚያም ሁለቱንም ሳታንቀሳቅሱ አስቀምጡ። ድመቷ ምን አደረገች?
ሐ. በእህል ማስቀመጫችሁ ውስጥ አይጥ ሳይታይ የሚያልፍበት ቦታ የትኛው ነው? ፈልጋችሁ ጻፉ።