በተከታታይ ስላይዶች መካከል የሚገኘውን ቅራኔ ስለ መመርመር

ስለ ስንዴ ዋግ የሚሰጠው ምክር በስልክ ላይ በጣት እየተገፉ በሚታዩ ተከታታይ ስላይዶች ሲዘጋጅ፣ አንባቢው አንዱን ገጽ በሚያይበት ጊዜ ያለፈው ገጽ ከዐይኑ ይሰወራል። የባልደረባውን ረቂቅ የሚመረምረውም ሰው እንዲሁ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ትክክል ሲመስል፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መሆናቸው ሳይታወቅ ያልፋል።

መርማሪው አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ያስምር። በመጀመሪያው ዐምድ የገጹን ቁጥር፣ በሚቀጥሉት ዐምዶች የበሽታውን ስም፣ የዘሩን ስም፣ የመድኃኒቱን ልክና ገበሬው እንዲያደርግ የተነገረውን ነገር ይጻፍ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ዐምድ ከላይ ወደ ታች ያንብብ።

ለምሳሌ በአሰላ የሚሠራ አንድ ባልደረባ ስድስት ገጽ ረቂቅ አቀረበ እንበል። በ2ኛው ገጽ «ዲጋሉ ዋግን ይቋቋማል» ይላል፤ በ4ኛው ገጽ ደግሞ «በ2006 ዓ.ም. ዲጋሉን ዋግ አጠፋው» ይላል። እዚህ ላይ አንዱን ሰርዞ ሌላውን ማስቀረት አይገባም። ዲጋሉ በ2003 ዓ.ም. ብዙ ስንዴ ካጠፋው ከቢጫ ዋግ በኋላ ይህንኑ በሽታ ስለሚቋቋም ተስፋፍቶ የተዘራ ዘር ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ ያጠፋው ግን ሌላ፣ አዲስ የግንድ ዋግ ዐይነት ነው። ስለዚህ የጎደለው የዋጉ ስምና ዘመኑ ነው። ሥዕሉም ከቃሉ ጋር ይመሳከር፦ ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ በመስመር ይሰለፋል፤ የግንድ ዋግ ግን ቡናማ ቀይ ሆኖ የግንዱን ቆዳ ይሰነጥቃል።

ከዚህ ይልቅ የሚሰወረው የመስፈሪያ ቅራኔ ነው። በ3ኛው ገጽ ፕሮፒኮናዞል 250 የተባለው መድኃኒት «ለሄክታር ግማሽ ሊትር»፣ በ5ኛው ገጽ «ለጥማድ ግማሽ ሊትር» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ አንድ ስለ ሆነ ዐይን ያልፈዋል። ነገር ግን አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚሆንበት አገር 5ኛው ገጽ ለሄክታር 2 ሊትር አዘዘ ማለት ነው፤ ይኸውም አራት እጥፍ ነው። ለጥማድ የሚገባው 125 ሚሊ ሊትር ነው።

የአነጋገር ቅራኔም የቃና ነገር ብቻ አይደለም። 1ኛው ገጽ በእርጋታ «ማሳዎን በየሳምንቱ ይመልከቱ» ሲል፣ 6ኛው ገጽ «ዛሬውኑ ካልረጩ ሁሉ ይጠፋል» ቢል፣ ገበሬው ይመልከት ወይስ ይርጭ አያውቅም። 6ኛው ገጽ «ምልክቱን ካዩ ሳይዘገዩ ይርጩ» ቢባል ሁለቱ ይስማማሉ።

መርማሪው የሁለቱን ገጾች ቁጥርና ቃል ጎን ለጎን ጽፎ ለባልደረባው ይመልስ፤ የትኛው እውነት እንደ ሆነም ጸሓፊው ከምንጩ ያረጋግጥ። ሠንጠረዡ አለመስማማትን እንጂ ሁሉም ገጾች የተስማሙበትን ስሕተት አያሳይም። በሁሉም ገጽ 2 ሊትር ተብሎ ቢጻፍ ዐምዱ ፍጹም ስምም ይሆናል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ልክ በመጨረሻ በዕቃው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር ይመሳከር።