ስድስተኛው ጣት

ባለፈው መስከረም 16 ምሽት፣ ጋርላንድ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ላይ ደመራ ሲለኮስ ካሜራዬን ይዤ ቆሜ ነበር። እማማ ብዬ የምጠራቸው አንዲት እናት ጧፍ ይዘው እሳቱን ያያሉ። የልጅ ልጃቸው ከነጠላቸው ሥር ተሸጉጣ የያዙትን ጧፍ አብራ ልትይዝ እጇን ትዘረጋለች። ከጀርባቸው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጨርቅ በነፋስ ይውለበለባል። በተከታታይ 14 ጊዜ አነሳሁ። ዘጠነኛውን መርጬ ለአንድ የተማሪዎች የፎቶ ውድድር ላክሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ስለሚመስል ከውድድሩ ወጥቷል የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ምክንያቶቹ ሦስት ነበሩ። እጃቸው ስድስት ጣት አለው፤ ጨርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ ትርጉም የለሽ ነው፤ ፊታቸውም እንደ ሰም ይለሰልሳል።

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ፎቶውን በእነሱ ዓይን አየሁት። ስድስተኛው ጣት የሕፃኗ ነው፤ የቀረው እጇ በነጠላው ተሸፍኗል። ጽሑፉ የኛው ፊደል ነው። ፎቶው የተነሳው በሰከንድ 1/30 ስለሆነ የሚወዛወዘው ጨርቅ ደብዝዟል። እኛ አሁንም እናነበዋለን፤ ግዕዝ ለማያውቅ ዳኛ ግን ኤአይ ከሚፈጥራቸው የውሸት ፊደላት አይለይም። ሦስተኛው ግን የኔ ጥፋት ነው። በጨለማ ISO 6400 ላይ ስላነሳሁ ፎቶው ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ነበር። እሱን በማስተካከያ ፕሮግራም ከልክ በላይ ሳጠፋ የፊታቸው መጨማደድም አብሮ ጠፋ።

ሌላም ስህተት ነበረኝ። ለውድድሩ የላክሁት ቅጂ በቴሌግራም አልፎ የመጣ ነበር። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ በውስጡ ያለውን የካሜራና የሰዓት መረጃም ያወጣዋል። ያን መረጃ ለማቆየት በፋይል መልክ መላክ ነበረብኝ።

ዋናው ማስረጃ ካሜራው ውስጥ የቀረው ጥሬ ፋይል ነው። መረጃውን እንዲህ አወጣሁት፦

```
exiftool -time:all -Model -ISO DSC_0412.NEF
```

ሰዓቱ 18:42 ይላል። ዳኞቹ ወዲያው ጠየቁ፦ በዚያ ቀን ዳላስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው፤ ታዲያ በ12 ሰዓት ከ42 እንዴት ጨለመ? ደነገጥኩ። ካሜራውን ስከፍት ሰዓቱ አሁንም በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነበር፤ መጋቢት ላይ አሜሪካ ሰዓቷን ስትቀይር እኔ የካሜራዬን አልቀየርኩም። አጠገቤ የቆመ ጓደኛ በስልኩ ያነሳው ቪዲዮ ያንኑ ቅጽበት 19:42 ላይ ያሳያል። ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለሚወስድ ልዩነቱ ተፈታ።

እንዲህ ያለው መረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ያው ፕሮግራም ሰዓቱን ሊጽፈውም ይችላል። ይበልጥ ያሳመናቸው 14ቱ ጥሬ ፋይሎች በተራ ሲታዩ ነው። በሰባተኛው ላይ የሕፃኗ እጅ ሙሉ በሙሉ ይታያል። በስምንተኛው ነጠላው ይወርድበታል። በዘጠነኛው አንድ ጣት ብቻ ይቀራል። ጨርቁ በአሥራ አንደኛው ላይ ተዘርግቶ በግልጽ ይነበባል። ከፊትና ከኋላ ያሉትን ጥሬ ፋይሎች ሁሉ እርስ በርስ አስማምቶ መፍጠር አንድ ምስል ከመፍጠር እጅግ ይከብዳል።

ይህ በኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2023 ሲድኒ ውስጥ ሱዚ ዶኸርቲ ልጇን ከአሻንጉሊት ሞዴሎች ጋር በስልኳ ያነሳችው ፎቶ በዚሁ ጥርጣሬ ከውድድር ወጥቷል። በ2024 ደግሞ ማይልስ አስትሬይ ጭንቅላቷን የደበቀች የፍላሚንጎ እውነተኛ ፎቶ ሆን ብሎ በኤአይ ምድብ አስገብቶ ተሸለመ፤ እውነቱን ሲናገር ሽልማቱ ተነሳበት። ዓይን በሁለቱም በኩል ይሳሳታል።

የኔ ፎቶ ወደ ውድድሩ ተመለሰ፤ አሸናፊዎቹ ግን ቀድመው ተነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥሬውን ፋይል ሳልቀይር በሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ያልተሳኩትን ፎቶዎችም አልሰርዝም፤ የካሜራዬን ሰዓትም ከስልኬ ጋር አስተያያለሁ።

ለእማማ ነገሩን ስነግራቸው በጣም ያሳሰባቸው ውድድሩ አልነበረም። «የለችም አሉኝ እንዴ ልጄ?» አሉ። ነጠብጣቡን ሳላጠፋ፣ ከነመጨማደዱ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጣቶቹን ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ሳቁና ሕፃኗን ጠሩ፦ «ነይ፣ ጣትሽን ውሰጂ!»