ለበግና ለፍየል ክትባት ቀን ማሳሰቢያ መቼ መቼ እንደሚነገርና ቃሉ እንዴት እንደሚለወጥ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በቀበሌ ውስጥ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ነው። የምንመለከተው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ነው። ይህን ቀን የመረጥንበት ምክንያት ማሳሰቢያው ሲሰናከል የሚደርሰው ጉዳት ወዲያውኑ ስለሚታይ ነው።

ክትባቱ የሚመጣው በደረቅ ዱቄት መልክ በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ ነው። አንዱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ለ100 እንስሳት ይበቃል። ብልቃጡ ተከፍቶ በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም እንኳ ቶሎ ኃይሉን ያጣል፤ ለማግሥቱ ፈጽሞ አይቀመጥም። ስለዚህ 100 እንስሳት ይመጣሉ ተብሎ ብልቃጥ ተከፍቶ 40 ብቻ ቢመጡ፥ የ60ው ክትባት ይደፋል። ያልተከተቡትም 60 እንስሳት ከመንጋው ጋር ተቀላቅለው ለበሽታው ተጋልጠው ይኖራሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ መናገር የማይበቃው ለምንድን ነው? ገበሬው ከሁለት ሳምንት በፊት የሰማውን ቀን ያስታውስ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ቀን ጧት በጎቹን የሚያሰማራው ልጁ ወይም የመንጋ ጥበቃ ተራ የደረሰው ጎረቤቱ ነው። መንጋው አንዴ ከተሰማራ ደግሞ እስከ ማታ አይመለስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሳሰቢያ የተለየ ሰው የተለየ ሥራ እንዲሠራ የሚያደርግ መሆን አለበት። ሥራው ሲለወጥ ቃሉም ይለወጣል።

ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. ክትባቱ ማክሰኞ ጥር 26 ቀን ሊሰጥ ታስቧል እንበል። ቀበሌው ሦስት ጎጦች አሉት፤ ገበያው ቅዳሜ ይውላል።

1ኛ/ ከ14 ቀን በፊት፥ ጥር 12 ቀን

ይህ ማሳሰቢያ ለሕዝብ አይነገርም። የሚነገረው ለጎጥ ሽማግሌዎችና ለቀበሌው መሪዎች ሲሆን፥ ቃሉም በጥያቄ መልክ ይቀርባል፦ «ማክሰኞ ጥር 26 ቀን ይመቻል ወይ? ሠርግ፥ ተዝካር ወይም የማኅበር ድግስ አለ ወይ?» ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ይህ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም። ቀኑን መለወጥ የሚቻለውም አሁን ነው። ከዚህ በኋላ ቀን መለወጥ የፊተኛውን የሰማና የኋለኛውን ያልሰማ ሰው ይፈጥራል። በዚሁ ጊዜ በየጎጡ ያሉት በጎችና ፍየሎች ይቆጠራሉ፤ የብልቃጡ ብዛት የሚወሰነው በዚህ ነው።

2ኛ/ ከ5 ቀን በፊት፥ ሐሙስ ጥር 21 ቀን

የአስተርእዮ ማርያም በዓል ስለሆነ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይነገራል። በዓሉን የማያከብሩት እንዲሰሙ ደግሞ ቅዳሜ በገበያ ይደገማል። የዚህ ማሳሰቢያ ቃል ረዘም ይላል፤ ምክንያቱን የሚገልጽ እሱ ብቻ ነውና። ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ በምልክቱ ይነገራል፦ ትኩሳት፥ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፥ የአፍ ቁስል፥ ተቅማጥ። ቀኑ፥ ቦታውና ሦስት ወር ያልሞላቸው ግልገሎች የማይመጡ መሆናቸውም አብሮ ይገለጻል። ስለ ሰዓቱ ዝርዝር መናገር ገና ነው፤ ከ5 ቀን በፊት የተነገረ ሰዓት ይረሳል።

3ኛ/ ከ2 ቀን በፊት፥ እሑድ ጥር 24 ቀን

አሁን ምክንያቱ አይደገምም። ቃሉ ወደ ዝግጅት ይዞራል፤ የሚነገረውም ለየጎጡ ለብቻው ነው፦ «የላይኛው ጎጥ ሰዎች፥ ማክሰኞ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል። የመካከለኛው ጎጥ፥ 3 ሰዓት። የታችኛው ጎጥ፥ 4 ሰዓት ተኩል። የጥበቃ ተራ የማን እንደሆነ ተነጋገሩ። የታመመ በግ ወይም ፍየል ካለ ከመንጋው ጋር አታምጡ፤ ለእኛ ንገሩን፥ እቤት መጥተን እናየዋለን።»

ሰዓቱ በጎጥ የሚከፈለው ብልቃጡ ተከፍቶ እንዳይቆይ ነው። «ከጧት ጀምሮ» ተብሎ ከተነገረ ግማሹ በማለዳ፥ ግማሹ በቀትር ይመጣል። ክትባት ሰጪውም ለጥቂት እንስሳት ብልቃጥ ለመክፈት ወይም ሰውን ለማስጠበቅ ይገደዳል።

4ኛ/ በዋዜማው፥ ሰኞ ጥር 25 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት

መንጋው ወደ ቤት የሚገባበትና ቤተሰቡ በአንድነት የሚገኝበት ሰዓት ነው። ቃሉ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይሁን፦ «ማክሰኞ ጥር 26 ቀን ጧት በጎችና ፍየሎች ከበረት አይለቀቁ።» ሌላ ነገር ቢጨመር ይህ ይደበዝዛል። መልእክቱ ለእረኛው ልጅ ጭምር መነገር አለበት፤ በረቱን የሚከፍተው እሱ ነውና።

ይህን ማሳሰቢያ ከማስተላለፍ በፊት አንድ ነገር መረጋገጥ አለበት፤ ክትባቱ ከነበረዶው በእጃችን መግባቱ። ካልገባ «ነገ እንስሳቱን አታሰማሩ» አይባልም፤ «ማክሰኞ ክትባት የለም፥ እንደ ወትሮው አሰማሩ» ይባላል። አንድ ቀን በከንቱ በረት የዋለ መንጋ ያለው ገበሬ በሚቀጥለው ጊዜ ጥሪያችንን አያምንም።

5ኛ/ በዕለቱ፥ ከጧቱ 12 ሰዓት

እንስሳት ከመሰማራታቸው በፊት በየጎጡ ጥሩምባ ይነፋል። ቃሉ «ዛሬ ነው፤ አትልቀቁ» ከሚለው አይበልጥም። ከዚህ በኋላ የሚላክ ማሳሰቢያ ጥቅም የለውም።

በስልክ መልእክት ሲላክ

በጽሑፍ መልእክት ውስጥ «ነገ» የሚለው ቃል ብቻውን አይጻፍ። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌ ስልኩ ተዘግቶ ቆይቶ በማግሥቱ ሊከፈት ይችላል፤ ያን ጊዜ «ነገ» የሚለው ረቡዕን ያመለክታል። የሳምንቱ ቀንና የወሩ ቀን ሁለቱም ይጻፉ። እንደዚሁም «ማክሰኞ ሌሊት» ማለት ያሳስታል። አንዱ የሰኞን ማታ ተከትሎ የሚመጣውን ሌሊት፥ ሌላው የማክሰኞን ማታ ተከትሎ የሚመጣውን ሊረዳ ይችላል። «ለማክሰኞ አጥቢያ» ቢባል ግን የትኛው ሌሊት እንደሆነ ግልጽ ነው።

የትኛው ማሳሰቢያ እንደተሰናከለ ማወቂያ

በክትባቱ ቦታ ቆሞ የመጣውን ሰው መመልከት ይበቃል። ገበሬው ራሱ መጥቶ በጎቹ ተሰማርተው ከሆነ የተሰናከለው የዋዜማው ነው። ከመንጋው ጥቂቱን ብቻ ካመጣና ቀሪው በጎረቤት መንጋ ውስጥ ከሆነ፥ ከ2 ቀን በፊት ስለ ጥበቃ ተራ የተነገረው አልደረሰም። ሦስቱም ጎጦች በአንድ ሰዓት ከተሰበሰቡ ሰዓቱ ለየብቻ አልተነገረም ማለት ነው። አንድ ጎጥ በሙሉ ከቀረ ግን ከ14 ቀን በፊት ያልተጠየቀ ሠርግ ወይም ድግስ መኖሩን እንጠይቅ። ድንገተኛ ለቅሶ ከሆነ ግን ማሳሰቢያ አያድነውም። ያን ጊዜ የዚያ ጎጥ ብልቃጦች ሳይከፈቱ በበረዶ ሳጥኑ ተመልሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባሉ፤ ለጎጡም ሌላ ቀን ይቆረጣል።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ቅዝቃዜው ካልተጓደለ ለሌላ ቀን ያገለግላል። ስለዚህ በየጎጡ የመጡት እንስሳት ሳይቆጠሩ ብልቃጥ አይከፈት።