ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕሙሙን ስለ መመገብ

ሆዱ ተከፍቶ የታመመው አንጀት ተቆርጦ ከወጣለትና ሁለቱ ጫፎች ዳግመኛ ከተሰፉለት በኋላ ሕሙሙ ከሐኪም ቤት ሲሰናበት፥ አስታማሚው ይዞ የሚወጣው ምክር ብዙ ጊዜ «ቀለል ያለ ምግብ ስጡት» የሚል ብቻ ነው፤ ቀለል ያለው ምግብ የትኛው እንደ ሆነ፥ መቼ እንደሚጀመርና ምን ያህል እንደሚበቃ ግን ቤት ከተገባ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ይሆናል። በአገራችን በወንዶች ላይ ዘወትር የሚታየው የአንጀት መጠማዘዝ አባቴን አግኝቶት፥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ እርሱን ሳስታምም የተማርሁትን ከዚህ በታች በተራ አቀርባለሁ። ጨጓራው ለተቆረጠ፥ ወይም አንጀቱ በሆዱ ላይ ወጥቶ ከረጢት ለተደረገለት ሰው ሥርዓቱ ሌላ ስለ ሆነ ይህን ጽሑፍ አይከተል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር፥ አማዑት በሰው እጅ ከተነኩ በኋላ እንቅስቃሴያቸውን ለጊዜው የሚያቆሙ መሆናቸውና፥ ሲነቁም ሁሉም በአንድ ሰዓት የማይነቁ መሆናቸው ነው። ቀጭኑ አንጀት ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ፥ ጨጓራ ከ24 እስከ 48 ሰዓት፥ ወፍራሙ አንጀት ግን ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራውን ይጀምራል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ክፍል ምግብ ለመቀበል ሲዘጋጅ የታችኛው ገና ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ሐኪሞች ጋዝ እስኪወጣ ድረስ ውሃ እንኳ ይከለክሉ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጥቂት መጠጣትን ይፈቅዳሉና፥ የመጀመሪያውን ጉንጭ ፈቃድ ከቀደደው ሐኪም አፍ ስማ እንጂ ከጎረቤት ልምድ አትውሰድ።

ፈቃዱ ሲገኝ ሕሙሙን ትራስ ደግፈህ ቀና አድርገህ አስቀምጥና፥ ፈልቶ የበረደ ውሃ ወይም ቀጭን ሻይ በቡና ሲኒ እየለካህ፥ በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው ግማሽ ሲኒ ስጠው። በብርጭቆ አትስጥ፤ የጠማው ሰው ብርጭቆ ከያዘ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ማቅለሽለሽ ካልመጣ ሥጋው ወጥቶ የተጠለለ የዶሮ መረቅ፥ ቀጥሎም በወንፊት የተጣራ ቀጭን የአጃ አጥሚት ይከተላል። ሐኪሙ ከፈቀደ ማስቲካ በቀን ሦስት ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ማኘክ፥ አፍ ሲያኝክ አንጀት ምግብ የመጣ መስሎት እንዲነቃ ይረዳል፤ እኔ ይህንንና በግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ መራመድን ከማንኛውም መድኃኒት አስቀድማለሁ።

ከዚያ በኋላ ጋዝ መውጣቱን ጠብቅ፥ ሽማግሌ ሰው ያፍራልና ዝም ብለህ ከመገመት በግልጥ ጠይቀው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ደረስን። ጋዙ ከወጣ በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ሕሙሙ ፊቱ የሚፈካበት፥ ረኃቡም የሚመለስበት ጊዜ ሲሆን፥ ዘመድ አዝማድም ሊጠይቀው በሳሕንና በምግብ ሣጥን የሚጎርፍበት ወራት ነው። ጋዝ መውጣቱ መንገዱ እንደ ተከፈተ የሚያስረዳ ምልክት ነው እንጂ፥ አንጀቱ የቀድሞ ሸክሙን ለመሸከም እንደ በቃ ምስክር አይደለም፤ ስፌቱ ያለበት ሥፍራም አብጦ ስለሚጠብ፥ ጤነኛ ሰው የማያስተውለው ጉርሻ በዚያ ሊታገት ይችላል። በአባቴ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። አጥሚቱን በደኅና ሲጠጣ ሰንብቶ፥ አንዲት የምትወደው ዘመዱ መሓሉ በቅቤና በበርበሬ የተሞላ የገብስ ገንፎ አምጥታለት ደስ ብሎት በላ። ማታ ስርቅታ ጀመረው፤ እኛም ስርቅታን ማን በሽታ ይለዋል ብለን ውሃ አጠጣነው። ሌሊቱን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ አደረ፥ ጋዙም ቆመ፥ ሊነጋጋ ሲል አረንጓዴ ነገር አስመለሰው። ሐኪም ቤት በአፍንጫው ቱቦ አግብተው ጨጓራውን አራገፉለት፥ ምግብም በአፉ እንዳይገባ ከልክለው ፈሳሹን በደም ሥሩ ሰጡት፤ ሆዱ ከላላ በኋላም እንደ ገና ከግማሽ ሲኒ ውሃ ተጀመረ።

ስለዚህ ለማይተው ስርቅታ ታላቅ ጥንቃቄ አድርግ፤ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ቢችልም፥ ጨጓራ ሞልቶ ወደ ታች አልፈስ ሲል ከሚሰጣቸው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው። ስርቅታ ከሆድ መወጠር ወይም ከጋዝ መቆም ጋር አብሮ የመጣ እንደ ሆነ ምግቡን ወዲያው አቁምና ወደ ሐኪም ውሰደው፤ «ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው» ብለህ ጨምረህ አታጉርሰው፥ ተልባም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጠው። በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ትኩሳት፥ የልብ ፍጥነትና እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከታየ ደግሞ ስፌቱ ሊያፈስ ይችላልና እስኪነጋ እንኳ አይጠበቅም።

ጋዙ ሳይቋረጥ፥ ሆዱም ለስልሶ ከዋለ ለስላሳ ምግብ ይጀመራል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላውን ስድስት ቦታ ከፍለህ፥ በየጊዜው በእጅ መዳፍ ሙሉ የማይበልጥ አቅርብ፦ በደንብ የበሰለ ነጭ ሩዝ፥ ልጣጩ ተልጦ የተፈጨ ድንች፥ የበሰለ ካሮት፥ የበሰለ ሙዝ። ቁስል የሚድነው በገንቢ ምግብ ስለ ሆነ የተቀቀለ እንቁላል፥ አጥንቱ የተለቀመ ዓሣ ወይም ደቅቆ የተከተፈ የዶሮ ሥጋ በየቀኑ ይኑር። ወተት ለጊዜው ሆድ ሊነፋና ሊያስቀምጥ ስለሚችል፥ ከፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ይሻላል። ቅቤ ሲበዛ ጨጓራን ያዘገያልና በሻይ ማንኪያ ይለካ።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ፥ ሐኪሙ ሌላ ካላለ በቀር፥ ገለባና ልጣጭ ያለው ነገር አይቅረብ፤ ቆሎ፥ ንፍሮ፥ የበቆሎ እሸት፥ ጥሬ ጎመን፥ የብርቱካን ሽፋን በጠበበው ሥፍራ ተጠቅልለው ሊዘጉ የሚችሉ ናቸው። ስለ እንጀራ የምመክረው፥ በሁለተኛው ሳምንት ግድም ከነጭ ጤፍ እንጀራ መዳፍ የምታህል ቁራሽ በአልጫ መረቅ አርሰህ እንድትጀምርና፥ ሕሙሙ እስኪልም እንዲያኝካት እንድታደርግ ነው። ሽሮና ክክ ጋዝ ያበዛሉና ከእንጀራው በኋላ ይምጡ፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ከሁሉ በኋላ። አዲስ ምግብ በአንድ ቀን ከአንድ በላይ አትጨምር፤ ሁለት ከጨመርህ፥ ሆዱ ሲነፋ የትኛው እንደ ነፋው አታውቅም።

ወራቱ ጾም የሆነ እንደ ሆነ፥ የጾሙ ገበታ ባብዛኛው ጥራጥሬ በመሆኑ ይህን ሥርዓት ይቃወመዋል፤ ፍትሐ ነገሥቱም ለድውይ ጾምን አያጸናምና፥ ሕሙሙ በገዛ ኅሊናው እየተጨነቀ እንቁላሉን እንዳይተው የንስሓ አባቱን አስቀድመህ ጥራለት። ሰገራው ከደረቀ ደግሞ ምግቡን ከመለወጥህ በፊት የሕመም ማስታገሻውን ተመልከት፤ እንደ ትራማዶል ያለው አንጀትን ያዘገያልና በሌላ መተካት ይቻል እንደ ሆነ ሐኪሙን ጠይቅ፥ እስከዚያውም ለብ ያለ ውሃ ጧት በባዶ ሆድ ስጠው።