ረጅም የእንግሊዝኛ ጥናታዊ ጽሑፍን የማንበብ ልማድ፦ የመዝገበ ቃላት ጊዜና የአንድ ርዕሰ ጉዳይ ንባብ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ በርካታ ተማሪዎች በቋንቋው የሚያነቡት በአብዛኛው አጫጭር ሀንድአውቶችን ነው። በድኅረ ምረቃ ትምህርት ግን 6,000 ቃላት ያህል ርዝመት ያለው የጆርናል ጽሑፍ ይቀርብላቸዋል። ብዙውን ጊዜ ንባቡ ከሁለተኛው ገጽ አያልፍም፤ አኅጽሮተ ጥናቱን ብቻ አንብቦ ጽሑፉን መጥቀስም ይለመዳል። ይህ ጽሑፍ ንባቡ የሚቋረጥበትን አንድ ምክንያት በስሌት ካሳየ በኋላ፣ ልማዱ ሊገነባ የሚችልበትን መንገድ በአንድ ምሳሌ ያብራራል።

ንባቡ የሚቋረጥበት ምክንያት

ሁ እና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አብዛኞቹ የቋንቋው ተማሪዎች አንድን ልብ ወለድ ያለ እርዳታ በበቂ ሁኔታ እንዲረዱ ከጽሑፉ ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልጋቸው አመልክተዋል። ይህም ከ50 ቃላት መካከል የማይታወቀው አንድ ብቻ ነው ማለት ነው።

በደቂቃ 80 ቃላት የሚያነብና ከአስር ቃላት አንዱን የማያውቅ ተማሪ ለምሳሌ ይወሰድ። ባለ 500 ቃላት ክፍልን ለማንበብ ስድስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በክፍሉ ውስጥ ያሉት 50 እንግዳ ቃላት የተለያዩ ቢሆኑና እያንዳንዱን ለመፈለግ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ፣ 25 ደቂቃ ይጨመራል። በዚህ አኳኋን ሙሉው ጽሑፍ ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከዚህ ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈው በመዝገበ ቃላት ፍለጋ ነው፤ አንባቢው ወደ ዓረፍተ ነገሩ ሲመለስም የሐሳቡ ክር ተበጥሶ ይጠብቀዋል።

የአንድ ርዕሰ ጉዳይ ንባብ

ስቲቨን ክራሸን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ ችግር ይረዳል። እርሱ እንደሚለው የቋንቋ ተማሪ ከርዕስ ወደ ርዕስ ከሚዘል ይልቅ በአንድ ርዕሰ ጉዳይ ወይም በአንድ ደራሲ ሥራዎች ላይ ቢቆይ ይጠቀማል፤ ቃላቱ እየተደጋገሙ ስለሚመጡ የቀደመው ንባብ ለተከታዩ መንገድ ይጠርጋል።

ለምሳሌ በአፈር መሸርሸር ላይ የሚሠራ ተማሪ በዚሁ ጉዳይ ብቻ ሦስት ጽሑፎችን ይመርጣል። ከእያንዳንዱ መግቢያ 100 ቃላት ቆጥሮ የማያውቃቸውን ያሰምራል። ዝቅተኛ ቁጥር የተገኘበትን ያስቀድማል፤ ከአስር በላይ የሆነበትን ያቆየዋል። የመጀመሪያውን ጽሑፍ 500 ቃላት ገደማ ባላቸው 12 ክፍሎች ከፍሎ በቀን አንዱን ያነባል።

ክፍሉን በመጀመሪያ ያለ መዝገበ ቃላት እስከ መጨረሻው ያነባል። ቀጥሎ ከአምስት የማይበልጡ ቃላትን ብቻ ይፈልጋል፤ የሚመርጣቸውም የሚደጋገሙትን ወይም ያለ እነርሱ ዋናው ሐሳብ የማይገባውን ነው። ‹ረንኦፍ› በመሬት ወለል ላይ የሚፈስ ጎርፍ፣ ‹ስሎፕ› ደግሞ ተዳፋት መሆኑን አንድ ጊዜ ካወቀ በሌሎቹ ጽሑፎችም ያገለግሉታል። ከዚያ ክፍሉን ደግሞ ያነባል። ሁለቱ ንባቦችና ፍለጋው በጠቅላላው 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ።

መረዳትን መፈተሽ

ከንባቡ በኋላ አንባቢው ጽሑፉን ሳያይ የክፍሉን ሐሳብ በሁለት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ይጽፋል፤ ከዚያም ከእንግሊዝኛው ጋር ያመሳክራል። በዚህ ጊዜ በተለይ ሊፈተሽ የሚገባው የግሱ ጥንካሬ ነው። ጸሐፊው ‹ሜይ› የሚለውን ረዳት ግስ ተጠቅሞ እርከን በገደላማ ተዳፋት ላይ የሚታጠበውን አፈር ሊቀንስ እንደሚችል ቢገልጽ፣ ችኩል አንባቢ ‹እርከን የአፈር መታጠብን ይቀንሳል› ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በዚህ አጻጻፍ ‹ሊ...ይችላል› የሚለው ጥንቃቄም ‹በገደላማ ተዳፋት› የሚለው ወሰንም ጠፍተዋል። ዓረፍተ ነገሩ እንዲሁ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ከገባ፣ ጸሐፊው ያላለው ነገር በስሙ ይጠቀሳል።

አንዱ የስሕተቱ ምክንያት የቋንቋዎቹ አወቃቀር ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው ፍርዱን እስከዚያ ያቆያል። በእንግሊዝኛ ግን ግሱ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይመጣና ወሰኑ ይከተላል። ስለዚህ በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስቀድሞ ባለቤቱንና ዋናውን ግስ መለየት፣ ቀጥሎም ከግሱ በኋላ የመጣውን ገደብ መፈለግ ይጠቅማል።

ገደቦችና ማጠቃለያ

ዘዴው እየሠራ መሆኑ የሚታወቀው በሦስተኛው ጽሑፍ 100 ቃላት ውስጥ ያሉት እንግዳ ቃላት ንባቡ ከመጀመሩ በፊት ከተቆጠሩት ሲያንሱ ነው። የንባብ ደቂቃው ቀንሶ ማጠቃለያው ከተዛባ ግን ፍጥነቱ የመዝለል ውጤት ነው፤ ክፍሉን ወደ 300 ቃላት ማሳጠር ይገባል። ርዕሰ ጉዳዩ ሲቀየርም የእንግዳ ቃላቱ ቁጥር እንደገና ከፍ ይላል። በጥናት ዘዴ ክፍል የሚያጋጥሙ የስታቲስቲክስ ጽንሰ ሐሳቦችም በቃላት ፍለጋ ብቻ አይፈቱም፤ ለእነርሱ የትምህርቱን መጽሐፍ ማየት ያስፈልጋል።