ባሮሜትር ሲወርድ በሸቤ ዝናብ ይመጣልን?

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በሸቤ በየደጃፉ ቡና ተሰጥቶ ይታያል። ይህ ቡና ጀንፈል ሆኖ እስኪደርቅ ድረስ የብዙ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ግማሽ የደረቀው ዝናብ ካገኘው ግን ሻጋታ ይይዘዋል፤ የሻገተ ቡናም ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ «ነገ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» ማለት ለቡና ባለቤት ቀላል ጥያቄ አይደለም። ባሮሜትር የተባለው መሣሪያ ይህን ጥያቄ ምን ያህል እንደሚመልስ፣ በምንስ እንደሚያታልል ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

አየር ክብደት አለው። በላያችን ያለው አየር ወደ ታች ሲጫን የአየር ግፊት ይባላል፤ ባሮሜትርም ይህን ግፊት ይለካል። በአንድ ስፍራ ግፊቱ ሲቀንስ በዙሪያው ያለው አየር ወደዚያ ይጎርፋል፤ ከዚያም ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ የወጣ አየር ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለውም እንፋሎት ወደ ውሃ ጠብታ ተለውጦ ደመና፣ ቀጥሎም ዝናብ ይሆናል። የግፊት መውረድ የአየር መበላሸት ምልክት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ምልክት ባሕረኞች ተጠቅመውበታል። በጥቅምት 1859 እ.ኤ.አ. ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በዌልስ ዳርቻ በማዕበል ተሰብራ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ እንግሊዛዊው የባሕር መኮንን ሮበርት ፊትዝሮይ የባሮሜትር ምልከታዎችን በቴሌግራፍ እያሰባሰበ በ1861 እ.ኤ.አ. ለወደቦች ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ። በዚያ አገር ግፊቱ በ3 ሰዓት ውስጥ 3 ሚሊባር ያህል ከወረደ ብርቱ ነፋስ ሊመጣ እንደሚችል ይታሰባል።

ይህን ደንብ እንዳለ ወደ ሸቤ ብናመጣው ግን ሁለት ጊዜ ያሳስተናል።

አንደኛው ስሕተት ከከፍታ ይመጣል። በባሕር ወለል ላይ ግፊቱ በአማካይ 1013 ሚሊባር ነው። ሸቤ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች በላይዋ ያለው አየር ያነሰ ነው፤ ግፊቱም ወደ 820 ሚሊባር ይጠጋል። በግድግዳ ባሮሜትር ፊት ላይ የተጻፉት «ደረቅ»፣ «ዝናብ»፣ «ማዕበል» የሚሉት ቃላት ለባሕር ዳር አገር የተመደቡ ናቸው። ያልተስተካከለ ባሮሜትር በሸቤ ቢሰቀል ፀሐይ በጠራራበት ቀን እንኳ መርፌው ከ«ማዕበል» በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቃሉን ትተን የቁጥሩን ለውጥ ብቻ መመልከት ይገባል።

ሁለተኛው ስሕተት ከሰዓት ይመጣል። በእኛ አገር ግፊቱ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ሁለት ጊዜም ይወርዳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ፀሐይ ላይኛውን አየር ስታሞቅ የሚነሣው ሞገድ ነው። ልዩነቱ 3 ሚሊባር ያህል ስለሚሆን፣ ከጠዋት እስከ ማታ የወረደውን አይቶ «ዝናብ መጣ» የሚል ሰው ቡናውን በየቀኑ በከንቱ ሲያነሣ ይኖራል።

መፍትሔው አንዱን ሰዓት ከዚያው ሰዓት ጋር ማወዳደር ነው። ለምሳሌ ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት 821፣ ከቀኑ 10 ሰዓት 818 ተነበበ እንበል። ማክሰኞና ረቡዕም እንደዚሁ ሆነ። የ3 ሚሊባሩ መውረድ የዘወትር ስለሆነ ምንም አይነግረንም። ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ግን 819 ቢነበብ፣ ከሌሎቹ ቀኖች ጠዋት በ2 ሚሊባር አንሷል። ቁጥሩ ከቀኑ 10 ሰዓት 816 ቢሆን ጉድለቱ እንደጸና ያሳያል። 2 ሚሊባር ለባሕረኛው ጥቂት ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ግን ከዕለት ወደ ዕለት ያለው ለውጥ ትንሽ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል። ደመናው እየከበደ፣ ነፋሱም አቅጣጫውን እየለወጠ ከሄደ የቡናውን መሸፈኛ ማዘጋጀት ይበጃል።

ባሮሜትሩ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። በሸቤ ከፍታ 10 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ብቻውን 1 ሚሊባር ያስቀንሳል። በአንዳንድ ስልኮች ውስጥ ባሮሜትር አለ፤ ነገር ግን ስልኩን ይዞ ከወንዝ ወደ ኮረብታ የወጣ ሰው የሚያየው መውረድ የመንገዱ እንጂ የዝናብ አይደለም።

ባሮሜትር ፈጽሞ የማይረዳበትም ጊዜ አለ። ከሰዓት በኋላ በድንገት የሚጥለው ነጎድጓዳማ ዝናብ ከትንሽ ስፍራ ሙቀት የሚነሣ ስለሆነ ግፊቱ አስቀድሞ አያስታውቅም። እንዲያውም ዝናቡ ሲደርስ ከደመናው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ መርፌው በድንገት ወደ ላይ ይዘላል። ያን ጊዜ ቡናው ቀድሞ ርሷል። እንዲህ ያለውን ዝናብ የሚያስጠነቅቀው በቀትር እንደ ግንብ ወደ ላይ እየተቆለለ የሚያድገው ደመና ነው፤ ባሮሜትር ያለው ሰውም ቢሆን ሰማዩን ማየት አይተውም።